የጡት ልጅ ዕድሜ

«አስራ ስምንት ሞልቶታል በይ። ከዚያ ወዲያ አፍሽን ዝጊ።»

እሸቴ ይህን ያለው በሹክሹክታ ነው። እሱ ሲያንሾካሹክ ግን ዋጃ ድረስ ይሰማል እያሉ ዘመዶቹ ያሙታል። አሁንም በዳሱ ውስጥ ሰሌን ላይ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ ሰምቶ እንዳልሰማ አንገቱን ደፋ። ኡሙሃኒ የዳሱን ቋሚ ተደግፋ ተቀምጣለች። የበኩር ልጇ ኑሀ የተቀበረው ትናንት ነው። እንባዋ ደርቋል፣ ድምጿም ተዘግቷል። ጆሮዋ ብቻ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል።

«ነገ ፍርድ ቤት ይጠሩሻል» አለ እሸቴ። የባሏ የታሂር ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ በዚያ ወገን ውስጥ ያለ እሱ ፈቃድ በግ አይታረድም። «የልጁ መታወቂያ አስራ ስምንት ይላል፤ ማኅተም አለበት። አንቺም ያንኑ ትደግሚያለሽ። እንደ አዋቂ ይከሰሳል፣ እንደ አዋቂ ይታሰራል፣ በቃ።»

«አያ እሸቴ፣ ሰላሁዲን እኮ...»

«ስሙን እዚህ ዳስ ውስጥ አትጥሪ!»

አልጠራችውም። ግን ስም ባይጠራም ሰው አይጠፋም። ሰላሁዲን የጎረቤታቸው የአህመድ ልጅ ነው። ኑሀ የመስኖው ውሃ ተራ አስከባሪ ነበርና በዚያ ቀን በቀትር የአህመድን ቦይ ሊዘጋ ሄደ፤ ተራቸው አልቆ ነበር። ሰላሁዲን በአካፋ ከኋላው ጭንቅላቱን መታው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታው። ኑሀ ቆቦ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ባጃጅ ውስጥ ነፍሱ ወጣች።

በራያ ደም ሲፈስ የገዳይ ወገን በሩን ዘግቶ ይሸሻል። አህመድም ከብቶቹን እየነዳ፣ ወንድሞቹን አስከትሎ በዚያው ሰዓት ጠፋ። ከብት ለመንዳት ጊዜ ነበረው፤ ልጁን ፈልጎ ይዞ ለመሄድ ግን ጊዜ አልነበረውም። ሰላሁዲንን ሚሊሻዎች ያገኙት እዚያው ቦዩ ዳር ነው።

ሰላሁዲን ስንት ዓመቱ እንደሆነ ከአባቱ ሌላ አብጥሮ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ኡሙሃኒ ናት። የባድመ ክተት የታወጀ ጊዜ፣ ወታደር የጫነ መኪና ቀን ከሌት ቆቦን እየሰነጠቀ ወደ ሰሜን ሲያልፍ ሂባን ወለደች። በዚያው ሳምንት የአህመድ ሚስት ራቢዓ ሰላሁዲንን ወለደች፤ በቀጣዩ ጁምዓ ሞተች። ያን ሕፃን እትብቱ ገና ሳይደርቅ አምጥተው ኡሙሃኒ ጭን ላይ አስቀመጡት። «አላህ ጡትሽን ሁለት ያደረገው ለዚህ ነው» አሏት አሮጊቶቹ። እስከ ሁለት ዓመቱ አጠባችው። ያኔ ስድስት ዓመቱ የነበረው ኑሀ ሂባን ትቶ ሰላሁዲንን ነበር የሚያዝለው። ወንድ ወንድም ፈልጎ ስላጣ፣ «ይሄ የኔ ነው» ይል ነበር።

ሂባ አሁን ስኒ ይዛ በለቀስተኛው መሀል ታልፋለች። አስራ አራት ዓመቷ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል ናት። የአንድ እናት ጡት አንዷን አስራ አራት፣ አንዱን አስራ ስምንት ሊያደርግ አይችልም።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ዓመት ነበር። ከጉድጓድ ውሃ በሚጠጣው አዲሱ የመስኖ መሬት ላይ ለወጣቶች ድርሻ ይሰጣል፣ ግን አስራ ስምንት የሞላው ብቻ ነው ተባለ። ይሄኔ በቀበሌው ያሉ ጎረምሶች ሁሉ ባንድ ሳምንት አደጉ። አህመድም ልጁን አሳደገ። ለመታወቂያው ሦስት ምስክር ያስፈልግ ስለነበር ከሦስቱ የመጀመሪያው ታሂር ሆነ። ለጎረቤት ልጅ ዕድሜ መጨመር ጨው ከማበደር በላይ አይቆጠርም ነበር። ታሂር ማታ መጥቶ «ዛሬ የጡት ልጅሽን ጎልማሳ አደረግሁልሽ» ብሏት ሁለቱም ስቀዋል። 

ከቀትር በኋላ ከጎብዬ አንድ ሰው መጣ። ከመንገዱ ጀምሮ «ወየው ኑሀዬ! ወየው ረዳቴ!» እያለ ደረቱን ይመታል። የግራ ዓይኑ የለም፤ ሽፋኑ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ተሰፍቷል። ከሥጋ ዘመዶቹ ይልቅ እሱ ስላለቀሰ ሰዉ ግራ ተጋብቶ ተነሳለት።

«ማነው?» አለ እሸቴ።

«ይድነቃቸው ነው» አለ ታሂር። ከቀብሩ ወዲህ የወጣው የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር። «የሚኒባሱ ሹፌር።»

 የማያውቁት የሚያውቁትን ጠየቁ።

ኑሀ በልጅነቱ እንደ ስሙ ነቢይ አልነበረም። እናቱም ብትሆን ይህን አትክድም። አስራ ሦስት ዓመቱ ላይ ከጓደኞቹ ጋር አስፋልቱ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን መኪና ጎማ በድንጋይ የመምታት ውድድር ያዘ። ጎማ ለመታ ሽልማቱ ጭብጨባ ነው። የኑሀ ድንጋይ ጎማውን ስቶ መስታወቱን ሰብሮ ገባ። ይድነቃቸው አንድ ዓይኑ እየፈሰሰ ሚኒባሱን ገደል ሳይከት፣ ሰው ሳይፈጅ አቆመው። ኑሀን ፖሊስ ወሰደው። ኡሙሃኒ ያን ጊዜ ልጇ እስር ቤት በስብሶ የሚቀር መስሏት ፍርድ ቤቱ ደጃፍ አመድ ላይ ተንከባልላለች።

የገቡት ግን ወደ ትልቁ ችሎት አልነበረም። ዳኛው ካባውን ሳይለብስ፣ ከመድረኩ ወርዶ፣ ትንሽ ክፍል ውስጥ እኩላቸው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከወላጅና ከምስክር በቀር ማንም እንዳይገባ አዘዘ። እሸቴ ራሱ ያን ቀን በር ላይ ተመልሷል። «ልጅ እኮ ነው! ልጅ ምን ያውቃል!» እያለ ሲጮህ ነበር የመለሱት። ዛሬ ይህን የሚያስታውሰው ሰው አልተገኘም።

ሹፌሩ ዓይኑ እንዴት እንደወጣ መናገር ሲጀምር ዳኛው ኑሀን ከክፍሉ አስወጣው። ልጁ ሊሰማው የማይገባ ነገር አለ አለ። ከዚያ ኡሙሃኒን ጠየቃት፦ ስንት ሰዓት ይተኛል? ከማን ጋር ይውላል? ከዚህ በፊት ሰው ጎድቶ ያውቃል? ያደረገው ነገር ገብቶታል? ቀጥሎ አስተማሪውን ጠየቀ። የወንጀሉን ያህል ስለ ልጁ መጠየቁ ኡሙሃኒን ገረማት። በመጨረሻ ኑሀን አላሰረውም። አስተማሪው ጠባዩን ሊከታተል ፈርሞ ተረከበው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሳይወጣ ችግኝ ሲተክልና ውሃ ሲያጠጣ እንዲውል ተወሰነበት።

«ጌታዬ፣ አይታሰርም ማለት ነው?» አለች ኡሙሃኒ፣ ጆሮዋን ባለማመን።

«የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባል የለ?» አላት ዳኛው። «እኛ የተቀመጥነው ጥሬውን እንዲበስል ለማድረግ ነው፤ ለመቁረጥ አይደለም። ለአዋቂ ሲሆን ሌላ ነው።»

ኑሀ ወዲያው መልአክ አልሆነም። ሁለት ጊዜ አጥር ዘሎ ጠፍቷል፤ አስተማሪው ጆሮውን ይዞ መልሶታል። ለውጡን ማንም ሳያየው ነው የመጣው። በአንድ የአረፋ በዓል የበግ ሥጋ በፌስታል ቋጥሮ ብቻውን ጎብዬ ወረደ። ይድነቃቸው መንጃ ፈቃዱን ተቀምቶ ጎሚስታ ቤት ከፍቶ ነበር። በሩ ላይ ያንን ልጅ ሲያይ መጀመሪያ ሊመታው ተነሳ፤ ቀጥሎ ፌስታሉን ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ሲዘጋ ኑሀ እዚያ ጎማ ሲለጥፍ ይከርም ነበር። በኋላም የሰፈሩ ሰው ውሃ የሚያካፍል፣ ለወገኑ የማያደላ ሰው ሲፈልግ እሱን መረጠ። ለገዛ አባቱ እንኳ የደቂቃ ውሃ አይጨምርም ነበር።

ይድነቃቸው ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገ፤ የሚያነባው አንዱ ብቻ ነው።

«ያን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ይታሰር ብዬ ነበር» አለ ለኡሙሃኒ። «አለመታሰሩ አንገብግቦኝ ነበር። አሁን ግን ታስሮ ቢሆን ኖሮ አንድ ዓይን ብቻ ሳይሆን አንድ ልጅም አጣ ነበር እላለሁ። የዚህኛውንም ልጅ ወሬ መንገድ ላይ ሰማሁ...»

እሸቴ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ጌታው፣ ለቅሶ ደረስክ፣ አላህ ይስጥልን። ዓይንና ነፍስ ግን አንድ አይደለም። አንተ ዓይንህ ጠፋ፤ ይኸው አለህ፣ እንጀራ ትበላለህ። የኛ ልጅ አፈር ውስጥ ነው።»

ይድነቃቸው ነጠላውን ሰበሰበ። «ልክ ነህ» አለ።  ኡሙሃኒም እሸቴ ልክ እንደሆነ ታውቃለች፤ መከራዋም ይኸው ነበር።

አመሻሹ ላይ ዐቃቤ ሕጉ ጌታሁንና ፖሊሷ ሀስና መጡ። ሀስና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪ ናት፣ የሰፈሩ ልጅ። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ዱዓው እስኪያበቃ እጃቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ስለ ክሱ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሊሄዱ ሲሉ እሸቴ ያዛቸው።

«አቶ ጌታሁን፣ እውነት ነው? ልጅ ነው ብላችሁ ልትለቁት ነው?»

«ማንም ልቀቀው አላለም» አለ ጌታሁን። «እኔ ከሳሽ ነኝ፤ ለኑሀ ደም ነው የቆምኩት። ግን በየትኛው መንገድ እንደምከሰው ማወቅ አለብኝ። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አስራ አምስት ያለው ይጠየቃል፣ ግን የአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፣ ከአዋቂም ጋር አይታሰርም። ከአስራ አምስት በላይ አስራ ስምንት ያልሞላው እንደ አዋቂ ይዳኛል፣ ዳኛው ግን ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ሞት አይፈረድበትም። ከአስራ ስምንት ወዲያ ያው እንደኔና እንዳንተ ነው። ሐኪም ቤት ልከነው ነበር፤ ከአስራ አራት እስከ አስራ ሰባት ይሆናል ነው የሚሉት። አጥንት ልደቱን አይናገርም። መታወቂያው ደግሞ አስራ ስምንት ይላል። ዳኛው ስለዚህ ሰው መስማት ይፈልጋሉ።»

«ለመግደል የደረሰ ለመታሰርስ አይደርስም?»

«እጁ ደርሷል። የሚጎድለው ማመዛዘኛው ነው። አንተ ብትናደድ አካፋውን ከማንሳትህ በፊት እስሩም፣ ደሙም፣ የልጆችህ መበተንም ባይንህ ላይ ይመጣል። አስራ አራት ዓመት ላይ ይሄ አይመጣም። አባቱ ምን ብሎት እንደሄደ ታውቃላችሁ? ውሃውን ካስወሰድክ ሱሪህን አውልቀህ ቀሚስ ልበስ ብሎት ነው። ለዚያ ልጅ በዚያች ደቂቃ ዓለም ማለት ያቺ ስድብ ናት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የምትሉት እናንተው አይደላችሁ? ደግሞ ያልጠና እንጨት ይቃናል። ከነፍሰ ገዳይና ከሽፍታ ጋር ከቆለፍክበት ግን የእነሱን ትምህርት ጨርሶ ነው የሚወጣልህ። ለሱ ብቻ አይደለም ሕጉ የተለየው፤ ነገ እሱ ለሚያገኘው ሰውም ነው።»

«እሺ፣ ልጅ ነው ተባለ። ስንት ዓመት?»

ጌታሁን ከመመለሱ በፊት ኡሙሃኒን አየ። «ነገሩ ከባድ ስለሆነ በተግሣጽ አይታለፍም። ማረሚያ ተቋም የሚላክ ይመስለኛል። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ነው፤ አስራ ስምንት ሲሞላው ግን ያበቃል። የማይታረም አደገኛ ከሆነ ወደ ወህኒ የሚያስልክ አንቀጽም አለ።»

«አራት ዓመት ማለት ነው!» እሸቴ ለቀስተኛውን ሁሉ እየዞረ አየ። «ሰማችሁ? ለኑሀ ነፍስ አራት ዓመት! እንደ አዋቂ ቢሆንስ?»

«ከአምስት እስከ ሃያ።»

በዳሱ ውስጥ ማጉረምረም ሆነ። ኡሙሃኒ ሃያውን ፈለገችው። አትክደውም፣ ፈልጋዋለች። ሰላሁዲን ሃያ ዓመት ሙሉ የወህኒ ድንጋይ ሲያይ፣ ጥርሱ ሲረግፍ፣ ወጥቶ ቤት ፈርሶ ሲያገኝ ታያት፤ ልቧ ለአንዲት አፍታ ረካ። ከዚያ ሂባ ባዶ ስኒዎች ይዛ ስታልፍ ሰሌኑ አደናቀፋት፤ ስኒዎቹ ተንኮታኮቱ። ልጅቱ ስብርባሪውን ሳትለቅም፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓሮ ሮጠች። ሁልጊዜም እንዲሁ ናት፤ ስትሰብር ትሮጣለች፣ ሮጣ ስታበቃ ታለቅሳለች። የእናቷ ዓይን እስከ ጓሮው ተከተላት። የረካው ልቧ እንደገና ባዶ ሆነ።

ሀስና ልትሰናበት አጠገቧ ተንበረከከች።

«እዚያ ምን ያደርጋል?» አለቻት ኡሙሃኒ፣ በተዘጋ ድምጿ። የጠየቀችው ስለ ሰላሁዲን ነበር፤ ስሙን ግን አልጠራችም።

ሀስና ወደ እሸቴ ገልመጥ አለች። «እትዬ ኡሙሃኒ፣ ሚሊሻዎቹ ሲያመጡት እጁ ላይ ካቴና አድርገውበት ነበር። ከእጁ ይወልቃል። እንዳይወድቅ በሌላኛው እጁ ይዞት ነበር የመጣ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰው ሲደርስም... ከቦዩ በእፍኙ ውሃ እየቀዳ ኑሀ ፊት ላይ ያፈስ ነበር። ኑሀን በባጃጅ ከወሰዱትም በኋላ ይመላለስ ነበር አሉ፣ ደሙ ወዳለበት። ኑሀ እዚያ ያለ ይመስል፣ ተነስ ይለው ነበር አሉ።»

ኡሙሃኒ ይህን አልሰማችም ነበር። ባትሰማው ይሻላት ነበር። ጥላቻ አንድ ቀጥ ያለ ነገር ነው፤ ሰው ይደገፈዋል። አሁን እሱም ከጀርባዋ ተወሰደባት።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ታሂርን ጠየቀችው። «ነገ ምን ልበል?»

ታሂር ጉልበቱን አቅፎ መሬት መሬቱን ያያል። «እኔ ቃሌን ለቀበሌ ሰጥቻለሁ» አለ። «የሚታሰር ውሸታም ከሆንኩ ለልጄ ማን ያለቅስለታል?»

እሸቴ ግን ገና አልሄደም ነበር፤ ከደጅ ሆኖ የመጨረሻውን ተናገረ። «ነገ ያ ልጅ አስራ አራት ነው ካልሽ፣ ከዚህ ዳስ ወገኔን ይዤ እነሳለሁ። የሦስተኛውን ቀን ሰደቃ ብቻችሁን ትበላላችሁ። የኑሀን ለቅሶ ብቻችሁን ታለቅሳላችሁ።» ይህ ቀላል ዛቻ አይደለም። በዚያ አገር ሰው ድሃ ቢሆን ያበድሩታል፣ ቢታመም ይሸከሙታል፤ ለቅሶው ላይ የሚቀመጥለት ያጣ ሰው ግን ከሞተው በላይ ሞተ ማለት ነው።

በማግስቱ የገቡት ያችኑ ትንሽ ክፍል ነው። ዳኛዋ ሌላ ናት፣ ሴት ናት፣ ካባ ግን እሷም አልለበሰችም። አባትየው ስላልቀረበ ለልጁ ጠበቃ ቆሞለታል። ሰላሁዲን ጥግ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ መሬት የሚነካው የጫማው ጫፍ ብቻ ነው። ኡሙሃኒ አላየችውም። ላለማየት አንገቷን እንደ ታመመ ሰው አዙራ ነበር የገባችው።

ዳኛዋ ሰላሁዲን ለጊዜው ከሀስና ጋር ውጭ እንዲቆይ አዘዘችና ኡሙሃኒን ጠየቀች። «ልጁን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«እንዴት?»

«አጥብቼዋለሁ።»

ጌታሁን ብዕሩን አቆመ።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

ኡሙሃኒ አፏን ከፈተች። አስራ ስምንት የሚለው ቃል እምላሷ ላይ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታላምጠው አድራለች። የኑሀን ፊት ፈለገች። የመጣላት የሞተው ጎልማሳ አልነበረም፤ እዚህ ክፍል ውስጥ፣ እዚህ ወንበር ላይ፣ አስራ ሦስት ዓመቱ ሆኖ ጥፍሩን የሚነክሰው መጣ።

«ከልጄ ከሂባ ጋር በአንድ ሳምንት ነው የተወለደ። በክተቱ ጊዜ። አስራ አራት ዓመቱ ነው።» ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት «ይቅር ብዬው አይደለም» አለች። «ወላሂ ይቅር አላልኩትም። ልጄን ገድሎብኛል። ግን አስራ አራት ዓመቱ ነው።»

ዳኛዋ ወደ ታሂር ዞረች። ለመታወቂያው የመሰከረው እሱ እንደሆነ ከፊቷ ባለው ሰነድ ላይ ተጽፏል። ታሂር ተነሳ። 

«ዋሽቼ ነው» አለ። «ለመሬቱ ብለን ነው። ልጅን አዋቂ ማድረግ ምን ይጎዳል ብለን ነው።» ሁለት እጁን አጣምሮ ወደፊት ዘረጋ፣ እንዲያስሩት። ዳኛዋ «ይቀመጡ አባቴ፣ የእርስዎ ጉዳይ በራሱ ጊዜ ይታያል» አለችው።

ትዕዛዙ አጭር ነበር። ጉዳዩ በወጣት አጥፊ ሥርዓት ይታያል፤ የልጁ ጠባይ፣ አስተዳደጉና የኖረበት ሁኔታ ተጣርቶ ይቅረብ፤ እስከዚያው ከአዋቂ እስረኞች ጋር እንዳይደባለቅ። ሰላሁዲንን አስገቡት። ዳኛዋ በቀላል ቃል አስረዳችውና ጠየቀች። «እስከ ቀጠሮው ድረስ ኃላፊነት ወስዶ የሚረከበው ዘመድ አለ?»

 ጠበቃው ወረቀቱን አገላበጠ። አባትየው በረሃ ነው፣ አጎቶቹ በረሃ ናቸው። ኡሙሃኒ ወለሉን አየች፤ አልተነሳችም። ቤቷ ብትወስደው ጸሐይ ሳትጠልቅ ይገድሉታል። ባይገድሉትም እሷ ራሷ የኑሀ መኝታ ላይ ልታየው አትችልም። ልጁ የተቀመጡትን አንድ በአንድ እያየ መጣ፤ እሷ ዘንድ ሲደርስ ዓይኑን አቆመ። ጣቢያው ውስጥ የተለየ ክፍል ተፈልጎ እንዲቆይ ተወሰነ። የማረሚያው ተቋም ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነው፤ ቦታ ይኖር እንደሆነ ይጠየቃል ተባለ።

ሊያወጡት ሲሉ አጠገቧ ደረሰ። «እማ» አለ። ሁልጊዜም እንዲያ ነው የሚጠራት። «የት ቀበራችሁት?»

ዝም ልትለው ፈለገች። ምላሷ ግን ታዘዘው። «ከአያቱ ግርጌ» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። ወሰዱት።

እሸቴ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ምን እንዳሉ ከፊታቸው አነበበ። አልጮኸም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ እውነተኛ ሹክሹክታ ሆነ። «ኑሀን ሁለት ጊዜ ቀበራችሁት» አለ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ሄደ።

ቤት ሲደርሱ ቃሉን ፈጽሞ ነበር። ለሰደቃው ከማለዳ የታረደው በሬ ተሠርቶ በሦስት ትልልቅ ብረት ድስት ተከድኗል፤ ሰሌኖቹ እንደተነጠፉ ናቸው፤ ሰው ግን የለም። ሰፈሩ ከዳር እስከ ዳር የታሂር ወገን ነው። የማይዛመዱትም ቢሆኑ ከእሸቴ ጋር ላለመጣላት በራቸውን ገርበብ አድርገዋል። ይድነቃቸው ብቻ ብቅ ብሎ፣ ጥቂት ቀምሶ፣ አልቅሶ፣ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠው ወደ ጎብዬ ሄደ። ሂባ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ታሂር ዳሱ ውስጥ የሐዘንተኛ ቦታ ላይ ተቀመጠ። ሐዘንተኛ የሚቀመጠው ለመቀበል ነው። ሰው ይመጣል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ሐዘንተኛው ይቀበላል፤ ሥራው ይኸው ብቻ ነው። ታሂር ግን የሚቀበለው የለም። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። አንድ ሰው ሲያልፍ ቀና ይላል፤ ሰውየው ሳይዞር ሲያልፍ ተመልሶ ይደፋል። ልጁ ከሞተ ጀምሮ አንዴ እንኳ አላለቀሰም።

ኡሙሃኒ አጠገቡ ተቀምጣ ይህን ስታይ ቆየች። እኔ ነኝ ይህን ያመጣሁብህ ልትለው ነበር፤ አላለችውም። እኔ ነኝ የልጁን ዕድሜ ያሳደግሁት ሊላት እንደሚችልም አውቃለች፤ እሱም አላላትም። በመጨረሻ እጇን መሬት ላይ ተክላ ተነሳች። ከዳሱ ወጣች፣ እስከ አጥሩ በር ሄደች፣ እዚያ ቆመች። ሻርፗን አስተካከለች። ከዚያ ከሩቅ እንደመጣ ለቀስተኛ ቀስ ብላ ተመልሳ ገባች፤ ጫማዋን ዳሱ ደጃፍ አወለቀች፤ ባሏ ፊት ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ዘረጋችለት።

«አላህ ሰብሩን ይስጥህ» አለችው። «ልጅህንም ጀነት ያግባው።»

ታሂር ቀና ብሎ አያት። «አሚን» ሊል ሲል እንባው ቀደመው። እጇን በሁለት እጁ ያዘና፣ ዳሱ በሙሉ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ የምትቀመጥበት እንድታገኝ ጠጋ አለላት።